«ታይሮይድ ካንሰር ነው» ከተባለ፣ የትኛው? አራቱ ዓይነቶች ሲነጻጸሩ

በቤተሰባችን ውስጥ ሐኪሙ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት በወጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ደወለች። «ጋሼ፣ ጓደኛዬን ታይሮይድ ካንሰር ነው አሏት። ደግሞ አንገቷ ላይ ተሰራጭቷል ይላል።» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«የትኛው ታይሮይድ ካንሰር?» አልኳት።

ዝም አለች። «የትኛው ማለት? ካንሰር ካንሰር አይደለም እንዴ?»

አይደለም። በዚህች የአንገት ዕጢ ላይ አራት ዋና ዋና የካንሰር ዓይነቶች ይነሳሉ፤ ፓፒላሪ፣ ፎሊኩላር፣ ሜዱላሪና አናፕላስቲክ። አንዱ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ አርጅቶ በሌላ ምክንያት ይሞታል። አንዱ ደግሞ ለቤተሰቡ ወራት ብቻ ይሰጣል። «ተሰራጭቷል» የሚለው ቃል ራሱ በአራቱ ላይ አራት የተለያየ ትርጉም አለው። አንዳንዴ አንገቱ ላይ የተሰራጨበት ሰው አንገቱ ንጹህ ከሆነው ሰው በጣም የተሻለ ተስፋ አለው።

እኔ ሳነጻጽር የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በየትኛው መንገድ ነው የሚጓዘው? ከሰውነት ፈሳሽ በሚሰበስቡት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ በሊምፍ ነው፣ በደም ሥር ነው ወይስ አጠገቡ ያለውን እየቦረቦረ? ሁለተኛው፣ ሴሉ ድሮ የነበረበትን ሥራ ረስቷል ወይስ ያስታውሳል? የታይሮይድ ሴል ሥራው አዮዲን ከደም ስቦ ሆርሞን መሥራት ነው። ካንሰር ከሆነም በኋላ አዮዲን የሚስብ ከሆነ መያዣ አለን። ጨረር የተሸከመ አዮዲን በክኒን ይዋጣል፤ ካንሰሩ ሳንባ ውስጥ ቢደበቅም ራሱ ስቦ ያስገባዋል። መድኃኒቱ ጠላቱን ፍለጋ አይሄድም ማለት ነው። ጠላቱ ራሱ ይጎርሰዋል።

ፓፒላሪና ፎሊኩላር ይህን ሥራ በአብዛኛው ያስታውሳሉ። አናፕላስቲክም የመጣው ከዚያው ዓይነት ሴል ነው፤ ግን ሁሉንም ረስቷል። ሜዱላሪ ግን ከመጀመሪያውም የሌላ ቤት ልጅ ነው። ዕጢው ውስጥ በጥቂቱ ተበትነው ካሉ፣ ሲ ሴሎች ከሚባሉና ካልሲቶኒን ከሚያመርቱ ሴሎች ይነሳል። እነዚህ አዮዲን ስበው አያውቁም።

ፓፒላሪ፦ በሊምፍ ቶሎ ይሄዳል፣ ቶሎ አይገድልም

የአክስቴን ልጅ ወረቀቱን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። እንግሊዝኛውን በፊደል እየቆጠረች አነበበችው። ፓፒላሪ፣ 2.3 ሴንቲ ሜትር። ከአንገት 14 ሊምፍ ዕጢዎች ወጥተዋል፤ 5ቱ ካንሰር አለባቸው። ጓደኛዋ 34 ዓመቷ ነው።

«ደረጃ 1 ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

አይፈረድባትም። የጡት ወይም የጨጓራ ካንሰር ቢሆን 5 ሊምፍ ዕጢ የተያዘበት ሰው ደረጃ 1 አይባልም። በፓፒላሪና በፎሊኩላር ግን የደረጃ አሰጣጡ ዕድሜን ይቆጥራል። ድንበሩ 55 ዓመት ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሰው ካንሰሩ ከአንገት ርቆ እስካልሄደ ድረስ ደረጃ 1 ነው። ሳንባ ወይም አጥንት ቢደርስ እንኳ ጣሪያው ደረጃ 2 ነው። በሌላ ካንሰር እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም የለም። የተደረገውም ለማጽናናት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ሲታዩ የሚሞቱት በጣም ጥቂት ስለሆኑ ነው።

ፓፒላሪ አዮዲን በበቂ ሁኔታ በሚገኝባቸው አገሮች ከታይሮይድ ካንሰር ከ10 ስምንቱ ገደማ ነው። የሚወደው መንገድ ሊምፍ ነው። መጀመሪያ ከታይሮይዱ ሥርና ከአየር ቧንቧው ጎን ወዳሉት ዕጢዎች፣ ከዚያ ወደ አንገት ጎን ይሄዳል። በዓይን የማይታዩትን ቅንጣቶች ከቆጠርን ግማሽ ያህሉ ሕሙማን ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሊምፍ ዕጢ ላይ መገኘቱ የተለመደ ባሕርይው ነው፤ የተለየ ክፋት አያመለክትም።

ታዲያ ሊምፍ ዕጢው ምንም አይለውጥም? ይለውጣል። የሚለውጠው ግን በሽታው አንገት ላይ የመመለስ ዕድሉን ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ይታያል። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ሁለት ሦስት ቅንጣቶች እምብዛም አያሳስቡም። በእጅ የሚዳሰስ 3 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ግን ክትትሉን ያጠብቀዋል። የዚህች ልጅ ትልቁ 1.2 ሴንቲ ሜትር ነበር። መሃል ላይ ነች። ሐኪሟ ታይሮይዱን ሙሉ ለሙሉ አውጥቶ አዮዲኑን ቢያስከትል ትርጉም ይሰጣል። ሙሉ ለሙሉ ማውጣቱ አስፈላጊ የሚሆነው ጤነኛው ዕጢ አንገት ላይ ከቀረ አዮዲኑን እሱ ስቦ ስለሚጨርሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ክትትሉ ቀላል ነው። ታይሮግሎቡሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው የታይሮይድ ሴል ብቻ ነው። ዕጢው ከወጣ በኋላ ደም ውስጥ ምንም ሊኖር አይገባም ማለት ይቻላል። ካለና እየጨመረ ከሄደ የሆነ ቦታ የሚሠራው ሴል አለ። አንድ ወጥመድ አለው። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ለዚሁ ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካል ስላለ ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ይላል። ሁለቱን አብሮ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ፓፒላሪን የምፈራው መቼ ነው? ሰውየው 55ን ሲያልፍ፣ ካንሰሩ የአየር ቧንቧ ወይም የድምፅ ነርቭ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ወረቀቱ ላይ «ረጃጅም ሴል» የሚል ንዑስ ዓይነት ሲጻፍ። ከሁሉም በላይ ግን አዮዲን መሳብ ሲያቆም። ያኔ ስሙ ፓፒላሪ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው።

ፎሊኩላር፦ አንገቱን ዘሎ የሚሄደው

አሁን ሌላ ሰው እናስብ። የ62 ዓመት እናት ናቸው። አንገታቸው ላይ ለ20 ዓመት የኖረ እንቅርት አለ። ውስጡ አንድ 4.5 ሴንቲ ሜትር እብጠት ተገኘ። አልትራሳውንድ የአንገት ሊምፍ ዕጢዎቻቸውን ንጹህ ብሏቸዋል። ልጆቻቸው «ተመስገን፣ አልተሰራጨም» አሉ። እሳቸው ደግሞ ዳሌያቸውን ካመማቸው አራት ወር ሆኗቸዋል። እሱን ግን ማንም ከአንገቱ ጋር አላገናኘውም። እርጅና ነው ተባለ።

ፎሊኩላር ሊምፍን ብዙም አይወድም። ሊምፍ ዕጢ ላይ የሚገኘው ከ10 ሕሙማን በአንዱ እንኳ አይሞላም። እሱ የሚገባው ደም ሥር ውስጥ ነው። ከዚያ አንገትን ዘሎ ሳንባና አጥንት ላይ ያርፋል። አከርካሪ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ የራስ ቅል። አንዳንዴ ሰው ታይሮይድ ካንሰር እንዳለበት የሚያውቀው አጥንቱ በትንሽ ነገር ሲሰበር ነው። ከተሰበረው አጥንት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ታይሮይድ ይገኛል። ዳሌ ውስጥ ታይሮይድ ምን ይሠራል? ሌላ መልስ የለውም።

ስለዚህ ከፓፒላሪ ጋር ስናነጻጽር ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በፎሊኩላር ላይ ንጹህ አንገት ዋስትና አይደለም። እኚህ እናት ዳሌያቸው ላይ ያለው ከዚያው የመጣ ከሆነ ከ55 በላይ ስለሆኑ ደረጃ 4 ናቸው። 5 ሊምፍ ዕጢ የተያዘባት የ34 ዓመቷ ልጅ ደረጃ 1፣ አንገታቸው ንጹህ የሆነው እናት ደረጃ 4።

ሌላም ተንኮል አለው። በመርፌ አይታወቅም። ፓፒላሪ የሴሉ እምብርት መልክ ስለሚያሳብቅበት ከመርፌ ናሙና ይለያል። ፎሊኩላር ግን ሴሉ ጉዳት ከሌለው እብጠት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ካንሰር የሚያሰኘው የእብጠቱን ሽፋን ቀዶ መውጣቱ ወይም የደም ሥር ውስጥ መግባቱ ነው። በመርፌ ይህን መፈለግ ከእንቁላል ውስጥ አስኳል ቀድቶ ቅርፊቱ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን እንደ መናገር ነው። ስለዚህ ፓቶሎጂስቱ «ፎሊኩላር ኒዮፕላዝም» ብሎ ሲጽፍ «ካንሰር ነው» አላለም። አብዛኞቹ ሲወጡ ካንሰር አይሆኑም። መልሱ የሚገኘው የዕጢው ግማሽ ወጥቶ ሽፋኑ ዙሪያውን ሲመረመር ነው። ይህን ሳያውቁ ከመርፌው ወረቀት ተነስተው ልጆቻቸውን የሚሰናበቱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚወጣው ወረቀት ላይ ዓይን የሚያርፍበት መስመር የደም ሥር ወረራ የሚለው ነው። ሽፋኑን ብቻ በጥቂቱ የበሳና ደም ሥር ያልነካ ከሆነ ግማሽ ዕጢ ማውጣቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ተስፋውም ከፓፒላሪ አያንስም። የተነኩት ደም ሥሮች 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ነገሩ ይለወጣል። ቀሪው ዕጢ ይወጣል፣ አዮዲን ይሰጣል፣ አጥንትና ሳንባ ይፈተሻል። ሁሉንም የወረረው ዓይነት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

ፎሊኩላር አጥንት ላይም ሆኖ አዮዲን ይስባል። ግን ሳንባ ላይ እንደ ዱቄት የተበተነ ቅንጣት ለአዮዲን በደንብ ሲሸነፍ አጥንት ላይ የተቀመጠ ትልቅ እብጠት ብዙ ጊዜ አይሸነፍም። ለዚህ ነው ለእኚህ እናት ዳሌ የውጭ ጨረር ወይም የአጥንት ቀዶ ሕክምና አብሮ የሚታሰበው።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ፎሊኩላር አዮዲን በሚጎድልበት አካባቢ ድርሻው ከፍ ይላል። እንቅርት በአገራችን በተለይ በደጋው ያልታየበት ቤት ያለ አይመስለኝም። አዮዲን ያለው ጨው በደንብ ሲዳረስ የፎሊኩላር ድርሻ ይቀንሳል፤ የፓፒላሪ ድርሻ በአንጻሩ ይጨምራል። ጨው ካንሰር አመጣ ማለት ግን አይደለም። ወደ ቀለለው ዓይነት አዘነበለ ማለት ነው።

ሜዱላሪ፦ ወረቀቱ የአንድ ሰው፣ ጉዳዩ የቤተሰብ

ይህ ከታይሮይድ ካንሰር ከ100 እጅግ ቢበዛ 5 ነው። መንገዱ ሁለቱንም ነው። ሊምፍ ላይ በጣም ቶሎ ይደርሳል። እብጠቱ በእጅ በሚዳሰስበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የአንገት ሊምፍ ዕጢ ተይዟል። በደም ደግሞ ጉበት፣ ሳንባና አጥንት ይሄዳል። ጉበት ላይ የሚያርፈው ደግሞ እንደ ጥቃቅን ዘር ስለሆነ በምስል ለመያዝ ያስቸግራል።

አዮዲን አይስብም ብለናል። ስለዚህ «ለምን አዮዲን አልሰጡኝም?» ብሎ መቆጣት እዚህ ላይ አያስኬድም። ክኒኑ ምንም አያደርግለትም። ዋናው ሕክምና የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዕጢው በሙሉ ከመሃል አንገት ሊምፍ ዕጢዎች ጋር ይወጣል። የሚከታተሉትም በታይሮግሎቡሊን ሳይሆን በካልሲቶኒንና ሲ ኢ ኤ በሚባል ሌላ ምርመራ ነው። አንድ ጊዜ የተለካ ካልሲቶኒን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው በእጥፍ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። በ6 ወር ውስጥ እጥፍ የሚሆንበት ሰው አደጋ ላይ ነው። እጥፍ ለመሆን ከ2 ዓመት በላይ የሚፈጅበት ሰው ካንሰሩን ተሸክሞ ለረጅም ዓመታት ይኖራል፤ ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ይድራል። ካልሲቶኒኑ በጣም ሲበዛ የማያቆም ተቅማጥም ይመጣል። ሰው ለዓመታት የጨጓራና የአንጀት መድኃኒት ሲውጥ ቆይቶ ምንጩ አንገቱ ላይ ይገኛል።

ከአራቱ በውርስ መምጣቱ በዋናነት የሚያሳስበው ይህኛው ነው። ከአራት ሕሙማን አንዱ ገደማ የተበላሸ ጂን ይዞ ተወልዷል። ጂኑ ሬት ይባላል። ስሙ ከእኛው ሬት ጋር መገጣጠሙ በአጋጣሚ ነው፤ መምረሩ ግን ያው ነው። የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ሜዱላሪ የተባለ ሰው ሁሉ፣ በቤተሰቡ ማንም ታሞ ባያውቅም፣ የጂን ምርመራ ይገባዋል። ጂኑ ከተገኘ ወንድም፣ እህትና ልጆች ይመረመራሉ። አንዳንዱ የጂኑ ብልሽት እጅግ ከመክፋቱ የተነሳ የሕፃኑ ታይሮይድ በመጀመሪያው ዓመት እንዲወጣ ይመከራል። ሌላው እስከ 5 ዓመት ገደማ ይጠበቅለታል። ይህ ጭካኔ ይመስላል። ግን ካንሰሩ ሳይነሳ የሚቀደምበት አጋጣሚ በዚህ ሕክምና ውስጥ ሌላ የለም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ነገር ካልተደረገ ደግሞ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊሞት ይችላል። ይኸው ጂን ከኩላሊት በላይ ባለችው ዕጢ ላይ ፌኦክሮሞሳይቶማ የሚባል እብጠት ያመጣል። በማደንዘዣ ጊዜ የደም ግፊቱን ሰማይ ያደርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ በደም ወይም በሽንት ይፈተሻል። ካለ እሱ ቀድሞ ይወጣል፤ አንገቱ ይጠብቃል።

አናፕላስቲክ፦ በሳምንት የሚቆጠር

ስለዚህኛው ረጅም ማውራት አልወድም። ከታይሮይድ ካንሰር ከ100 አንድ ወይም ሁለት ነው። ብዙዎቹ ሕሙማን ከ60 በላይ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ለዓመታት ዝም ብሎ ከኖረ እንቅርት ወይም ከቆየ ፓፒላሪ ወይም ፎሊኩላር ውስጥ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ። እዚህ ግን ተረቱ ቀልሎ ይታያል።

መለያው ፍጥነት ነው። ለ20 ዓመት ያልተነቃነቀው እንቅርት በሦስት ሳምንት አንገት ይሞላል። ድንጋይ ይሆናል። ድምፅ ይጎረንናል፣ ምግብ አልወርድ ይላል፣ ትንፋሽ ይጮኻል። በሊምፍም በደምም ይሄዳል፣ ሳንባን ይወዳል፣ ግማሽ ያህሉ ሲገኝ ርቆ ሄዷል። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ግን እዚያው አንገት ላይ የአየር ቧንቧውን ይዞ ነው። አዮዲን አይስብም። ደረጃ 1፣ 2፣ 3 የሚባል የለውም፤ ገና ዕጢው ውስጥ እያለ ሲገኝ እንኳ ደረጃ 4 ይባላል። በተለምዶው ሕክምና ግማሽ ያህሉ ሕሙማን ከ6 ወር አያልፉም።

ሁለት ነገር ግን ከማዘን በፊት መጣራት አለበት። አንደኛው፣ የታይሮይድ ሊምፎማም እንዲሁ በፍጥነት የሚያብጥ ሲሆን ሕክምናውና ተስፋው ፈጽሞ ሌላ ነው። ቀጭኗ መርፌ የሞተ ሴል ብቻ አምጥታ ሁለቱን ልታምታታ ትችላለች። ወፍራም መርፌ ይጠየቃል። ሁለተኛው፣ ቢራፍ የሚባለው ጂን በዚያው ቀን መጠየቅ አለበት። የተለወጠ ቢራፍ ያለበት ሰው ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የሚባሉትን ክኒኖች አብሮ ሊወስድ ይችላል። በአሜሪካ ለዚሁ የተፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከሚወስዱት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ እብጠቱ ይቀንሳል። ሊወጣ የማይችል የነበረው ወደ ቀዶ ሕክምና የደረሰበት ጊዜም አለ። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ በየቦታው አይገኝም። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ይህን በሳምንት ውስጥ እንጂ በወር ውስጥ ሊያስብበት አይችልም።

አራቱን ጎን ለጎን

የአሜሪካን አኃዝ ልጥቀስ፤ እዚያ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ይመዘገባል። ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ሲገኝ በፓፒላሪ፣ በፎሊኩላርና በሜዱላሪ 5 ዓመት የሚያልፉት 100 በ100 ይጠጋሉ። እዚህ ላይ ሦስቱ አይለያዩም። አናፕላስቲክ ያኔም ከ10 አራት ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ርቆ ሲሄድ ነው። ያኔ በፓፒላሪ ከአራት ሦስቱ፣ በፎሊኩላር ከሦስት ሁለቱ፣ በሜዱላሪ ከ10 አራቱ ገደማ 5 ዓመት ያልፋሉ። በአናፕላስቲክ ከ20 አንድ ገደማ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በእድሜ አልተከፈሉም። ሳንባዋ ላይ አዮዲን የሚስብ ቅንጣት ያለባት የ25 ዓመት ልጅና አዮዲን የማይስብ የአጥንት እብጠት ያለባቸው የ70 ዓመት አዛውንት አንድ ረድፍ ላይ ተቆጥረዋል። ለዚህ ነው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ቤት መሄድን የማልመክረው።

የአክስቴን ልጅ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሦስት ነገር አጻፍኳት። ወረቀቱ ላይ ንዑስ ዓይነቱ ምን እንደሚል፤ «ክላሲክ» ይል ነበር። የደም ሥር ወረራ መኖር አለመኖሩን፤ የለም ይላል። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ታይሮግሎቡሊንና ፀረ እንግዳ አካሉ አብረው እንዲለኩ።

«ሌላስ?» አለች።

«የወጣውን ታይሮይድ ሆርሞን የምትተካውን የጠዋቷን ክኒን በባዶ ሆድ፣ በውኃ። ቡናው ከግማሽ ሰዓት በኋላ።»

«እሱን እንኳ እንጃ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ስትል ሰማኋት። «ያለ ቡና አትነሳም።»